ያረረ ድስት፦ ለስቴንለሱ ሶዳ፣ ለአሉሚኒየሙ ሎሚ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ለልጄ ክርስትና ከአማቴ ትልቅ ስቴንለስ ድስት ተውሼ ነበር። መብራት ስለጠፋ የዶሮውን ቁሌት ከሰል ላይ ጥጄ እንግዳ ልቀበል ስወጣ ሽንኩርቱ ከሥር አረረ። አሁን የድስቱ ውስጥ ወለል በሙሉ ጥቁር ነው። በዚያው ሰሞን በራሴ አሉሚኒየም ድስት ደግሞ ሽሮ አረረብኝ። ኢንተርኔት ላይ እንዳየሁት በቤኪንግ ሶዳ ስቀቅለው እርሩ ለቀቀ፤ ድስቱ ግን ውስጡ ጠቆረ። ስለዚህ የአማቴን ፈርቼ አልነካሁትም። ጎረቤቴ በረኪና አፍስሼበት እንዳሳድረው ትመክረኛለች። እናቴ በአመድና በሽቦ ፈግፍጊው ትላለች። አማቴ ድስታቸውን የሚፈልጉት በሳምንቱ መጨረሻ ነው። ምን ላድርግ?»
ጭንቅ የያዛት

እህቴ፣ አይዞሽ። የአማትሽ ድስት በሁለት ምሽት ይጸዳል። ያንቺም ድስት አልተበላሸም። የጠቆረው ላዩ ብቻ ነው፣ በሎሚ ይመለሳል። በረኪናውን ግን ከነጭራሹ እርሺው፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ እርሩ ምን እንደሆነ እንይ። እሱን ካወቅሽ አብዛኛው ልፋት ይቀርልሻል። ሽንኩርት ብዙ ስኳር አለው። ቁሌት ደግሞ መጀመሪያ ላይ ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው። ውሃው ሲያልቅ ስኳሩ ከድስቱ ወለል ላይ ቀልጦ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ከሰል ይሆናል። ላይ የምታዪው ጥቁር እንግዲህ ከሰል ነው። ከሰልን ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ምንም ነገር አያሟሟውም። ሳሙናም፣ ሶዳም፣ ሎሚም አያሟሙትም። ከሥሩ ግን ሙሉ በሙሉ ያልተቃጠለ ቡናማ ንጣፍ አለ። ጥቁሩን ከብረቱ ጋር አጣብቆ የያዘው እሱ ነው። እሱ ከተፈታ ጥቁሩ በራሱ ጊዜ እየተላጠ ይነሳል። ስለዚህ ከላይ በጉልበት መፈግፈግ ትርፉ ድካም ነው። ሥራው ውሃና ሶዳ ከሥር እንዲገቡ ጊዜ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ስቴንለሱ። ስቴንለስ የማይዝገው ውስጡ ክሮሚየም ስላለ ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ብረቱን የሚጠብቀውም ይህ ሽፋን ነው። ሶዳ ይህን ሽፋን አይነካውም። ስለዚህ የአማትሽን ድስት በሶዳ ብትቀቅዪው ያንቺ አሉሚኒየም ላይ የደረሰው አይደርስበትም።

እንዲህ አድርጊ። በእንጨት ማማሰያ በቀላሉ የሚነሳውን ብቻ አንሺ። የማይነሳውን አታስገድጂው። ከዚያ እርሩን ሁለት ጣት ያህል የሚሸፍን ውሃ ጨምሪ። ለትልቅ የድግስ ድስት ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ይሆናል። በአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ሒሳብ፣ ላንቺ አምስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ሶዳውን ውሃው ቀዝቃዛ እያለ ጨምሪና አማስዪው። ከፈላ በኋላ ከጨመርሽው በአንድ ጊዜ አረፋ ይሞላና ገንፍሎ ምድጃሽ ላይ ይፈሳል።

ከዚያ ጣጂው። ሲፈላ እሳቱን ቀንሰሽ ለሃያ ደቂቃ በቀስታ ይንተክተክ። ብዙ ቦታ የምታገኚው ምክር አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ይላል። ባሕር ዳር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 አይደርስም። ስለዚህ ትንሽ ጨመር ማድረግ ይሻላል። ሶዳው በሙቀት ጠንከር ይላል። ቅባቱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፣ የተጣበቀውን ምግብም አርሶ ያሳብጠዋል። ውሃው ቡናማ ሲሆንና የእርሩ ጠርዝ ከፍ ከፍ ሲል ካየሽ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው።

ከሰል እንዳያልቅብሽ ካሰብሽ፣ ቡና ካፈላሽ በኋላ የቀረው ፍም ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። አንዴ ይፍላ እንጂ ቀሪውን ረጋ ያለ ሙቀት ይጨርሰዋል። ክዳኑን ገጥመሽ ፍሙ ላይ ተዪውና እዚያው ይደር።

ጠዋት ውሃውን ድፊና በእንጨት ማማሰያ ከጠርዝ ወደ መሐል ግፊው። አብዛኛው እንደ ቅርፊት ተላጦ ይነሳል። የቀረ ካለ የሶዳ ሊጥ ሥሪ። ሦስት እጅ ሶዳ ለአንድ እጅ ውሃ ነው። ወፈር ያለ ይሁን። ቀብተሽው ግማሽ ሰዓት ቆዪና በስፖንጅ እሺው። ድስቱን ብርሃን ላይ ስታይው ቀጫጭን መስመሮች ከታዩሽ በመስመሮቹ አቅጣጫ እሺ፤ እነሱን አቋርጦ የሚሄድ ጭረት ከሩቅ ይታያል። ጥቁር ነጠብጣብ አሁንም ካለ ማታ ቅቀላውን ድገሚው። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው በጣም ይቀላል። ሁለት ምሽት ያልኩሽም ለዚህ ነው።

ሶዳ ስትገዢ ፓኬቱን አንብቢ። ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰጡሽ ቤኪንግ ፓውደር ነው። እሱ ሶዳ አለው፣ ግን ከአሲድና ከስታርች ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ውሃ ሲነካው አሲዱና ሶዳው እርስ በርስ ይጣፋሉ፣ የሚቀርልሽ ትንሽ ነው። ሶዲየም ባይካርቦኔት ብቻ የሚለውን ፈልጊ። ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ መጨመርም በዚሁ ምክንያት ጥቅም የለውም። ጭስስ ሲል ደስ ይላል፣ ብዙ ቪዲዮም ያሳየዋል። አረፋው ሲያልቅ ግን ድስቱ ውስጥ የቀረው ጨዋማ ውሃ ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ግን በየተራ።

አቼቶው ተራው የሚደርሰው እርሩ ከተነሳ በኋላ ነው። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ድስቱ ከጸዳ በኋላ ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም፣ ወይም ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ይታያቸዋል። እርር የቀረ መስሏቸው ሽቦ ያነሳሉ። መለያው ቀላል ነው። ጥፍርሽን አሳልፊበት። ጥፍርሽ ከተደናቀፈ ምግብ ነው፣ ወደ ሶዳው ተመለሺ። ልስልስ ሆኖ ካለፈ ግን ቀለም ነው። ሰማያዊው ብረቱ ከመጠን በላይ ሲግል ያ ስስ ሽፋን ወፍሮ የሚያመጣው ነው። ነጩ ከውሃ የቀረ ማዕድን ነው። ለሁለቱም ጨርቅ በአቼቶ ወይም በሎሚ አርሰሽ ጥረጊ፣ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ አለቅልቂና አድርቂ። ስቴንለሱ እንደ አዲስ ያበራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። የስቴንለስ ድስት መቀመጫው ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው። ሙቀት እኩል እንዲያደርስ በሁለት ብረት መሐል አሉሚኒየም ይገባበታል። ከታች ጠርዙን ብታይው ግራጫ መስመር ሊኖር ይችላል። እሱ አሉሚኒየሙ ነው። ስለዚህ የሶዳው ውሃ ከድስቱ ውስጥ ብቻ ይሁን እንጂ ድስቱን ሙሉ በሙሉ የሶዳ ውሃ ውስጥ ነክረሽ አታሳድሪው።

አሁን ወደ በረኪናው። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ያንን የሚጠብቅ ሽፋን ይበሳዋል። የሚበሳው ደግሞ ነጥብ በነጥብ ነው። በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይተዋል። ጥልቀታቸው ከላይ አይታይም። አንዴ ከወጡ አይጠፉም፣ ምግብም እየያዙ ይኖራሉ። ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። እርሩም ቢሆን አይነሳም፤ በረኪና ቀለም ያነጣል እንጂ የተጣበቀ ከሰል አይፈታም። በዚያ ላይ አንድ ሰው በረኪናውን አፍስሶ ሌላው መጥቶ ሎሚ ወይም አቼቶ ቢጨምርበት የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ሳንባ ይጎዳል። ጠባብ ኩሽና ውስጥ ደግሞ በጣም አደገኛ ነው። ለጎረቤትሽ ይህንን ንገሪያት፤ እሷም ቤት ውስጥ ልጆች ይኖራሉ።

ጨውም የክሎሪን ዘመድ አለው። ክሎራይድ ይባላል። የጨመርሽው ጨው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሳይሟሟ የድስቱ ወለል ላይ ከተቀመጠ እነዚያኑ ነጥቦች ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ውሃው ከፈላ በኋላ ጨምሪና አማስዪው። የተረፈ ወጥም ድስቱ ውስጥ ለቀናት አይቀመጥ።

የእናትሽ ምክር ከንቱ አይደለም። አመድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ እንደ ሶዳ ቅባት ይቆርጣል። እናቶቻችን በእሱ ሲያጸዱ የኖሩት ስለሚሠራ ነው። ችግሩ አመድ ውስጥ ያልተቃጠለ ፍርፋሪና የአፈር ደቃቅ መኖሩ ነው። ሐይቁ ዳር ዕቃ የሚታጠብበት አሸዋም እንደዚሁ ነው። ለሸክላና ለጥቁር ብረት ምጣድ ይሆናል። የሚያብለጨልጭ ስቴንለስ ላይ ግን ይጭራል። ጥላሸት የያዘውን የድስቱን ውጪ በአመድ ማሸት ከፈለግሽ በጣም ደቃቅ በሆነ ወንፊት ንፊውና በሳሙና ለውሺው። ወደ ውስጥ አታስገቢው። አሉሚኒየምን ደግሞ ውስጡንም ውጪውንም አታስነኪው፤ ያጠቁረዋል።

ሽቦው ሁለት ችግር አለው። አንደኛው ጭረቱ ነው። እያንዳንዱ ጭረት በሚቀጥለው ጊዜ ምግብ የሚይዝበት ቦታ ይሆናል፣ ድስቱም ቶሎ ቶሎ ማረር ይጀምራል። ሁለተኛው ደግሞ ተራው ሽቦ ራሱ የሚዝግ ብረት መሆኑ ነው። ደቃቅ ስብርባሪው ስቴንለሱ ላይ ተጣብቆ ይቀርና በማግስቱ ቡናማ ዝገት ታያለሽ። ሰዎች «ስቴንለስ ነው ብሎ የሸጠልኝ አታለለኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንን አይተው ነው። የዛገው ሽቦው እንጂ ድስቱ አይደለም። እናትሽን እንዳታስቀይሚ ሽቦውን ለምጣዱ አስቀምጪው።

አሁን ያንቺ አሉሚኒየም። አሉሚኒየምም የሚጠብቀው ሽፋን አለው፣ ነገር ግን የሱ ሽፋን ሶዳን አይችልም። ሶዳው ሲፈላ ሽፋኑን በልቶ ብረቱን ራሱን ይነካዋል። ከዚያ የሚፈጠረው ጥቁር ግራጫ ሽፋን ነው አንቺ ያየሽው። ከሶዳ የሚበረቱት፣ ለምሳሌ የቧንቧ መክፈቻው ኮስቲክ ሶዳ፣ አሉሚኒየሙን አረፋ እያወጡ ይበሉታል። ድስት አጠገብ እንዳይደርሱ።

የመድኃኒቱ አቅጣጫ እንግዲህ ተቃራኒው ነው፤ ኮምጣጣ ነገር። ድስቱን የጠቆረው ድረስ ውሃ ሙዪው። ለአንድ ሊትር ከሦስት እስከ አራት ሎሚ ጨምቂና ልጣጩንም እዚያው ጨምሪው። ከዘጌ የሚመጣው ሎሚ ለዚህ እጅግ ጥሩ ነው። ሎሚ ከተወደደ በአንድ ሊትር ሦስት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይተካዋል። አሥራ አምስት ደቂቃ አፍዪው። ጥቁሩ ዓይንሽ እያየ ይነሳል፣ መጀመሪያ ውሃው ከነካው ጠርዝ ላይ ታይዋለሽ። ካልጨረሰ ውሃውን ደፍተሽ በአዲስ ሎሚ ድገሚው። ከዚያ በስፖንጅና በላርጎ እጠቢውና ወዲያው አድርቂው።

ሎሚው ግን አሉሚኒየም ውስጥ አይደር። አሲድም ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየ ብረቱን ይበላዋል። ቀቅዪ፣ ድፊ፣ አለቅልቂ፤ በቃ።

ወደፊት አሉሚኒየም ላይ ሽሮ ካረረብሽ ሶዳ ሳትነኪ ተራ ውሃና ጥቂት ጠብታ ላርጎ ጨምረሽ አሥራ አምስት ደቂቃ አፍዪውና ይደር። ሽሮ ከሽንኩርት ይልቅ በቀላሉ ነው የሚለቀው፤ ዱቄት ስለሆነ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ጠዋት በእንጨት ማማሰያ ይነሳል። የቀረችውን ጥቁረት በሎሚ ትጨርሺያለሽ።

ድስቱ የቱ ብረት እንደሆነ ካላወቅሽ በእጅሽ መዝኚው። አሉሚኒየም ለመጠኑ ቀላል ነው፤ ስቴንለስ በተመሳሳይ ውፍረት ሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠንከር አድርገሽ አሺበት። ጨርቁ ግራጫ ከሆነ አሉሚኒየም መሆኑ አይቀርም። የስቴንለስ ድስት ቂጥ ላይ ብዙ ጊዜ 18/10 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ማግኔት ላይ ግን አትደገፊ። ከያዘው አሉሚኒየም አይደለም ማለት ነው፤ ካልያዘው ግን ምንም አልነገረሽም፣ ብዙ ጥሩ ስቴንለስ ማግኔት አይዝም።

እሳት ላይ ሆኖ ሲያርርብሽ ደግሞ የመጀመሪያው ደንብ ከሥር አለማማሰል ነው። ማማሰያው እርሩን ፍቆ ወደ ወጡ ያመጣዋል፣ ሽታውም ይገባበታል። ከላይ ያለውን በቀስታ ወደ ሌላ ድስት ገልብጪው። የቀረውን ሳትነኪ ድስቱን ከእሳት አውርጂውና በራሱ ይቀዝቅዝ። በጋለ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ወለሉን ሊያጣምመው ይችላል፤ በተለይ አሉሚኒየምን። ከተጣመመ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይወዛወዛል፣ አንድ ቦታ ብቻ ይግላል፣ ከዚያ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ያርራል።

ይህንን የአማትሽ ድስት ላይ አሁኑኑ አረጋግጪ። ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪውና በጣትሽ ጠርዙን ተጫኚ። ካልተነቃነቀ ድስቱ ደህና ነው፣ ዛሬ ማታ ሶዳውን ጣጂ። ከተወዛወዘ ግን ጽዳት አይመልሰውም፤ ድስቱን ስትመልሺ ለአማትሽ መንገር አለብሽ። ለከሰልና ለጋዝ ያገለግላቸዋል፤ ኤሌክትሪክ ላይ ለሚጥዱት ግን ሌላ መተካት ያንቺ ፋንታ ነው።